የፍሪ ኤክስፓንሽን ጥያቄ ሲመጣ እንዴት ይሰራል፦ ቴምፕሬቸር ለምን አይወርድም፣ ኢንትሮፒስ ከየት መጣ?

እዚህ ሀዋሳ ፍሬሽማኖችን ፊዚክስ ሳስጠና ቴርሞዳይናሚክስ ላይ በደረስን ቁጥር አንድ ጥያቄ ሳይመጣ አይቀርም፣ በአካልም በቴሌግራምም ያው ነው፦ «ቲቸር፣ Q ዜሮ ከሆነ ΔS ለምን ዜሮ አይሆንም? ደሞ ጋዝ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል አልተባልንም እንዴ?» ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ መመለሱ ስለሰለቸኝ አንዱን ጥያቄ ይዤ ከላይ እስከ ታች እዚሁ ልስራው፣ እናንተም ወረቀት አውጡና አብራችሁ ስሩ፣ በማንበብ ብቻ አይገባም ይሄ ነገር።

ጥያቄው እንዲህ ነው። ግድግዳው የማይነቃነቅ፣ ሙቀት የማያስገባም የማያስወጣም ሳጥን አለ። መሀሉ ላይ መከለያ አለው። ከመከለያው በግራ 5 ሊትር አየር አለ፣ በቀኝ ደሞ 5 ሊትር ባዶ ቦታ፣ ማለትም ቫኪዩም። መከለያው ድንገት ይነሳና አየሩ ሳጥኑን በሙሉ ይሞላል። የመጨረሻው ቴምፕሬቸር፣ ፕሬዠርና የኢንትሮፒ ለውጥ ስንት ነው?

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ወረቀትና እርሳስ (ስዕል ስለምንስል)
- ln ያለው ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር፣ የስልኩም ይሆናል፣ ወደ ጎን ስታዞሩት ብዙዎቹ ላይ ይወጣል
- አስር ሳንቲም፣ የፈለጋችሁት ዓይነት፣ ደረጃ 7 ላይ እንጠቀምበታለን
- መነሻ ቁጥሮች፦ P1 = 83 kPa፣ T1 = 300 K (27 ዲግሪ ሴልሺየስ)፣ V1 = 5 ሊትር = 0.005 m³፣ V2 = 10 ሊትር = 0.010 m³

83 ከየት መጣ ለምትሉ፣ ሀዋሳ ከባህር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል እዚህ ያለው የአየር ፕሬዠር 101 ሳይሆን 83 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። አዳማም ብትሆኑ ከፍታው ተቀራራቢ ስለሆነ በዚሁ ቁጥር ስሩ። ፈተና ላይ ግን የተሰጣችሁን ቁጥር ነው የምትወስዱት፣ ካልተሰጠ ብቻ ነው ይሄ ወሬ።

ማስጠንቀቂያ፦ ይሄን በወረቀት ስሩ እንጂ ቤት ውስጥ በጠርሙስ ለመሞከር አታስቡ። የፍሪጅ ጥገና ሰራተኞች የሚጠቀሙበት ቫኪዩም ፓምፕ ያለው ጓደኛ አለኝ ብሎ በብርጭቆ ማሰሮ ሊሞክር የነበረ ልጅ ስለማውቅ ነው። ውስጡ ባዶ ሲሆን ከውጪ ያለው አየር በእያንዳንዱ 10 በ10 ሴንቲሜትር ቦታ ላይ 830 ኒውተን ይጫናል፣ የ85 ኪሎ ሰው ክብደት ማለት ነው። ፕላስቲኩ ይጨማደዳል፣ ጠርሙሱ ግን ወደ ውስጥ ፈንድቶ ስብርባሪው ይበተናል።

ደረጃ 1፦ ሲስተሙን ክበቡ

ሳጥኑን ሳሉና በውጪው ግድግዳ ዙሪያ በነጠብጣብ መስመር ክበቡት። ሲስተማችን ሳጥኑ በሙሉ ነው፣ ግራውም ቀኙም፣ ባዶው ጭምር። ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ግማሹ ስህተት የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው፣ ግራውን ክፍል ብቻ የከበበ ሰው ጋዙ ከመስመሩ ሲወጣ ያይና ወርክ ሰራ ምናምን ማለት ይጀምራል።

ደረጃ 2፦ W = 0 ብላችሁ ፃፉ

ጋዝ ወርክ የሚሰራው ከሲስተሙ ውጪ ያለ ነገር ገፍቶ ሲያንቀሳቅስ ነው። እዚህ ግድግዳው አይነቃነቅም፣ ጋዙ የሚሄድበት ቦታ ላይ ደሞ የሚገፋ ነገር የለም፣ ባዶ ነው። መከለያውንስ ያነሳው ማነው የሚል ይኖራል፣ መከለያውን ወደ ጎን ስናንሸራትተው ጋዙ በዚያ አቅጣጫ አይገፋውም፣ ስለዚህ የሚቆጠር ወርክ አይኖርም። ቮልዩም ጨምሯል ማለት ወርክ ተሰርቷል ማለት አይደለም፣ ይቺን አስምሩባት።

ደረጃ 3፦ Q = 0፣ ስለዚህ ΔU = 0

ሳጥኑ ሂት አያሳልፍም ስለተባለ Q ዜሮ ነው። ፈርስት ሎው ላይ አስገቡት፦

ΔU = Q − W = 0 − 0 = 0

እዚህ ድረስ ጋዙ አይዲያል ነው አላልንም፣ ΔU = 0 ለማንኛውም ጋዝ ይሰራል። ቀጣዩ ደረጃ ነው አይዲያል መሆኑን የሚፈልገው፣ እሱን ነው ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚዘለው።

ደረጃ 4፦ ከ U ወደ T ተሻገሩ

አይዲያል ጋዝ ውስጥ ሞለኪዩሎቹ እርስ በርስ አይሳሳቡም፣ ስለዚህ በመሀላቸው ያለው ርቀት ቢጨምር ቢቀንስ ኢነርጂያቸው ላይ የሚያመጣው ነገር የለም። ያላቸው የራሳቸው የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ብቻ ነው፣ እሱ ደሞ የሚወሰነው በቴምፕሬቸር ነው። U ካልተለወጠ T አልተለወጠም፦

T2 = T1 = 300 K

«ግን ጋዝ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል» የሚለው ነገር ከየት መጣ? እሱ ፒስተን እየገፋ ሲሰፋ ነው። ኳስ ስትቀበሉ እግራችሁን ትንሽ ወደ ኋላ ከሳባችሁት ኳሷ ፍጥነቷን ታጣና እግራችሁ ስር ትቀራለች አይደል፣ ወደ ኋላ በሚሸሽ ፒስተን ላይ የሚመታ ሞለኪዩልም እንደዛው ፍጥነቱን እያጣ ነው የሚመለሰው፣ ጋዙ የሚቀዘቅዘው በዛ ምክንያት ነው። እኛ ሳጥን ውስጥ ግን የሚሸሽ ነገር የለም። መከለያው ሲነሳ መከለያውን ሊመታ የነበረው ሞለኪዩል የሚመታው አጥቶ ዝም ብሎ ያልፋል፣ ሄዶ የቆመውን የቀኝ ግድግዳ መትቶ ይመለሳል። አየር ውስጥ ያለ ሞለኪዩል በ300 ኬልቪን በአማካይ 470 ሜትር በሰከንድ ገደማ ይሮጣል፣ ከመስፋቱ በፊትም ጋዙ ረግቶ ካለቀ በኋላም ያው 470 ነው።

የሲሊንደር ጋዝ ስንጠቀም ሲሊንደሩ ይቀዘቅዛል የሚል ምሳሌ የሚያመጣም አለ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው፣ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ስለሚተን ነው፣ ከዚህ ጋ አታገናኙት።

ደረጃ 5፦ ፕሬዠሩን አውጡ

T አንድ ስለሆነ P1V1 = P2V2፣ ቮልዩም እጥፍ ሆኗል፣ ፕሬዠር ግማሽ ይሆናል። P2 = 41.5 kPa። በቃ።

ደረጃ 6፦ ኢንትሮፒ፣ በሌላ መንገድ ሂዱ

ዋናው ጣጣ እዚህ ነው፣ ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ።

ΔS = Q/T የሚለውን ፎርሙላ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ከጎኑ የተፃፈውን ቅድመ ሁኔታ ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ፎርሙላው ውስጥ ያለው Q በሪቨርሲብል መንገድ ሲኬድ የሚገባው ሂት ነው፣ ማለትም ጋዙ በእያንዳንዷ ቅፅበት ረግቶ፣ አንድ ፕሬዠርና አንድ ቴምፕሬቸር ኖሮት፣ በማንኛውም ሰዓት ወደ ኋላ መመለስ እየተቻለ ሲሄድ። የኛ ጋዝ እንደዛ አልሄደም። መከለያው ተነስቶ ጋዙ እስኪረጋ ባለው ጊዜ ግራው ወፍራም ነው፣ ቀኙ ስስ ነው፣ መሀሉ ላይ ይናወጣል፣ «የጋዙ ፕሬዠር ስንት ነው?» ብትሉ መልስ የለውም። ስለዚህ Q ዜሮ ስለሆነ ΔS ዜሮ ነው ማለት አይቻልም፣ ፎርሙላው እዚህ መንገድ ላይ አይሰራም። ሪቨርሲብል ላልሆነ መንገድ ያለን ΔS > Q/T የሚለው ብቻ ነው፣ እሱ ደሞ ከዜሮ እንደሚበልጥ ይነግረናል እንጂ ስንት እንደሆነ አይነግረንም።

መፍትሄው ምንድን ነው፣ ኢንትሮፒ ስቴት ፈንክሽን ነው፣ ማለትም ጋዙ አሁን ያለበትን ሁኔታ ብቻ ነው የሚያየው፣ በየት በኩል እንደመጣ አይጠይቅም። ስለዚህ መነሻውና መድረሻው ከኛው ጋ አንድ የሆነ፣ ግን ሪቨርሲብል የሆነ ሌላ መንገድ በሀሳብ እንፈጥራለን። መነሻችን 300 ኬልቪንና 5 ሊትር፣ መድረሻችን 300 ኬልቪንና 10 ሊትር ነው፣ ቴምፕሬቸሩ አንድ ስለሆነ የሚቀለው መንገድ አይሶተርማል ነው።

እንዲህ አስቡት። ያንኑ 5 ሊትር አየር ፒስተን ያለው ሲሊንደር ውስጥ አስገቡና 300 ኬልቪን ላይ ያለ ትልቅ የውሀ ገንዳ ውስጥ አስቀምጡት። ፒስተኑን በጣም በዝግታ ልቀቁት፣ ጋዙ እየገፋው 10 ሊትር እስኪደርስ። ሲገፋ ወርክ ይሰራል፣ ሊቀዘቅዝ ሲል ገንዳው ሂት እየሰጠ 300 ላይ ያቆየዋል። ΔU ዜሮ ስለሆነ የገባው ሂት ከተሰራው ወርክ ጋ እኩል ነው፦

Q = W = P1V1 ln(V2/V1)

P1V1 = 83000 × 0.005 = 415 J

Q = 415 × ln 2 = 415 × 0.693 = 288 J

ΔS = 288 / 300 = 0.96 J/K

ይሄ 0.96 ጁል በኬልቪን የኛም ሳጥን መልስ ነው፣ መነሻና መድረሻው አንድ ስለሆነ። 288ቱን ጁል ግን ወደ ሳጥናችን ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ የኛ ሳጥን ውስጥ አንድም ጁል አልገባም። የሀሳቡ መንገድ ለማስላት ብቻ ነው የተጠቀምንበት፣ ካሰላን በኋላ ሂቱም ወርኩም እዛው ይቀራል፣ ኢንትሮፒዋን ብቻ ነው ይዘን የምንመለሰው።

ፈተና ላይ ይሄን ሁሉ መፃፍ አይጠበቅባችሁም፣ ΔS = nR ln(V2/V1) ብላችሁ ትጀምራላችሁ፣ nR ደሞ P1V1/T1 ስለሆነ 415/300 = 1.383፣ ሲባዛ 0.693፣ 0.959። ሞሉን ለብቻ ማውጣት ራሱ አያስፈልግም።

አሁን ደሞ የውጪውን አካባቢ ቁጠሩ፣ ምክንያቱም የሁለቱ መንገዶች ልዩነት የሚታየው እዛ ነው። በዝግታው መንገድ ገንዳው 288 ጁል ሰጥቷል፣ ስለዚህ የገንዳው ኢንትሮፒ በ0.96 ቀንሷል፣ የጋዙ በ0.96 ጨምሯል፣ ድምሩ ዜሮ። በኛ ሳጥን ግን ውጪው ምንም አልሰጠም ምንም አልተቀበለም፣ ለውጡ ዜሮ ነው፣ የጋዙ ግን ያው በ0.96 ጨምሯል፣ ድምሩ 0.96። ስለዚህ «ኢንትሮፒው ከየት መጣ» ለሚለው መልሱ ከየትም አልመጣም፣ እዛው ተፈጠረ ነው። ኢነርጂ አይፈጠርም፣ ኢንትሮፒ ግን ይፈጠራል፣ ይሄን ለመቀበል ነው ብዙ ሰው የሚቸገረው።

ምን አጣን ታዲያ? በዝግታ ቢኬድ ኖሮ 288 ጁል ወርክ ይገኝ ነበር፣ 29 ኪሎ ዕቃ አንድ ሜትር የሚያነሳ። መከለያውን በድንገት ስናነሳ ያ ዕድል አመለጠ፣ ጋዙ ግን ምንም ኢነርጂ አልጎደለበትም።

ደረጃ 7፦ በሳንቲም አረጋግጡ

ይሄኛው ደረጃ ለፈተና ሳይሆን ለራሳችሁ ነው፣ ግን ሳትሰሩት አትለፉ።

አስሩን ሳንቲም በእጃችሁ አናውጡና በትኗቸው። እያንዳንዱ ሳንቲም አንድ ሞለኪዩል ነው፣ አንበሳው ወደ ላይ ከሆነ ግራ ክፍል ነው ያለው፣ ሌላው ገፅ ከሆነ ቀኝ። ደጋግማችሁ በትኑና ስንት አንበሳ እንደወጣ መዝግቡ። አራት፣ አምስት፣ ስድስት እየደጋገመ ይመጣል፣ አስሩም አንበሳ የሚሆንበት ግን ከ1,024 ውርወራ በአማካይ አንድ ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ሳንቲም ሁለት ምርጫ ስላለው አስሩ በጠቅላላ 2 በራሱ አስር ጊዜ ሲባዛ፣ 1,024 ዓይነት አሰላለፍ አላቸው፣ ከነዛ ውስጥ «ሁሉም ግራ» የሚባለው አንዱ ብቻ ነው።

መከለያው ሳለ ጋዛችን በግድ እዛ አንዷ አሰላለፍ ላይ ታስሮ ነበር። መከለያው ሲነሳ ማንም አልገፋውም፣ አልሞቀም አልቀዘቀዘም፣ የተለወጠው የሚፈቀዱለት አሰላለፎች ቁጥር ብቻ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሞለኪዩል በእጥፍ አደገ። ኢንትሮፒ የሚቆጥረው ይሄንን ነው፣ S = k ln W፣ እዚህ ያለው W ወርክ ሳይሆን የአሰላለፎቹ ብዛት ነው። በአጋጣሚ የኛ 5 ሊትር አየር ውስጥ ያሉት ሞለኪዩሎች 10²³ ያህል ናቸው፣ ስለዚህ፦

ΔS = k ln(2^N) = N k ln 2 = 10²³ × 1.38 × 10⁻²³ × 0.693 = 0.96 J/K

ያው ቁጥር መጣ። ፒስተንም ገንዳም ሂትም ሳንጠቅስ በመቁጠር ብቻ። ጋዙ ለምን ተመልሶ ግራ እንደማይሰበሰብም እዚሁ ጋ ይታያል፣ በአስር ሳንቲም ከሺህ አንዴ የሚሆን ነገር በ10²³ ሳንቲም ሲሆን የሚጠበቅ አይደለም።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የመጀመሪያው T2 = 227 K የሚል መልስ ነው። ይሄን ካያችሁ PV^γ ቋሚ ነው የሚለውን ተጠቅማችኋል ማለት ነው፣ γ = 1.4 ይዛችሁ። «አዲያባቲክ» የሚል ቃል ስላያችሁ ነው፣ ግን ያ ፎርሙላ ሪቨርሲብል ለሆነ አዲያባቲክ ብቻ ነው፣ ፒስተን ተገፍቶ ወርክ ሲሰራ። እኛ ጋ Q ዜሮ ቢሆንም ወርክም ዜሮ ነው። ፕሬዠራችሁ 31 ኪሎፓስካል ከወጣም ያው በሽታ ነው።

ሁለተኛው W = 288 J ብሎ ፅፎ ΔU = −288 J ማለት ነው፣ የሀሳቡን መንገድ ወርክ ወደ እውነተኛው ሳጥን ማምጣት። ደረጃ 6 ላይ ያልኩትን ተመልሳችሁ እዩ።

ሦስተኛው ተቃራኒው ነው፣ T ስላልተለወጠ «አይሶተርማል ነው፣ ስለዚህ ሂት ገብቷል» ማለት። መነሻና መድረሻ ላይ ቴምፕሬቸሩ አንድ ነው ማለት መንገዱ አይሶተርማል ነበር ማለት አይደለም፣ መሀል ላይ ለጋዙ በሙሉ የሚሆን አንድ T ራሱ የለም።

log በ ln ቦታ መጫንም አለ፣ ያኔ መልሱ 0.42 ይመጣል።

ላብ ላይ ከሞከራችሁት ምን ታያላችሁ

ላብ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚኖረው መከለያ ያለው ሳጥን ሳይሆን በቫልቭ የተገናኙ ሁለት የብረት ታንከሮች ነው፣ እና ሪፖርት ላይ «ቴምፕሬቸር አልተለወጠም» ብላችሁ ከመፃፋችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ።

አንደኛ፣ ቫልቩ እንደተከፈተ ሁለቱ ታንከሮች አንድ ዓይነት ቴምፕሬቸር አይኖራቸውም። ግራ የቀረው ጋዝ ከፊቱ ያለውን እየገፋ ስለሚያስወጣ ይቀዘቅዛል፣ ተገፍቶ ቀኝ የገባው ደሞ ይሞቃል። ከግድግዳውም እርስ በርስም ሂት ሳይለዋወጡ ቢቆዩ በኛ ቁጥር ፕሬዠሩ እኩል ሲሆን ግራው −27 ዲግሪ፣ ቀኙ 111 ዲግሪ ይደርስ ነበር፣ እውነተኛ ታንከር ላይ ብረቱ ሂት ስለሚሰጥና ስለሚወስድ ያን ያህል አይታይም። ሁለቱ ተደባልቀው ሲረጉ ነው 27 የሚመጣው። ስለዚህ ቴርሞሜትር አንዱ ታንከር ውስጥ ብቻ ከትታችሁ ወዲያው ያነበባችሁት ቁጥር መልስ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ብረቱ። 5 ሊትር አየራችንን አንድ ዲግሪ ለማሞቅ 3.5 ጁል ገደማ ይበቃል፣ 3 ኪሎ የብረት ታንከርን ግን 1,400 ጁል አካባቢ ይፈልጋል። ጋዙ በእውነት 10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ እንኳ ታንከሩን ከ0.03 ዲግሪ በታች ነው የሚለውጠው። ከውጪ የለጠፋችሁት ቴርሞሜትር ስላልተንቀሳቀሰ ነገሩ ተረጋገጠ ማለት አይቻልም፣ ጁል በ1845 እ.ኤ.አ. ታንከሮቹን ውሀ ውስጥ ነክሮ ሲሞክርም የገጠመው ችግር ይሄው ነበር።

እውነተኛ አየር ደሞ ሙሉ በሙሉ አይዲያል አይደለም። ሞለኪዩሎቹ በትንሹ ይሳሳባሉ፣ ሲራራቁ ለዛ ከእንቅስቃሴያቸው ትንሽ ይከፍላሉ፣ በኛ ጥያቄ ሲሰላ የዲግሪ አንድ አስረኛ ገደማ መቀዝቀዝ ይመጣል። ፈተና ላይ «አይዲያል ጋዝ» የምትለዋ ቃል ይቺን 0.1 ዲግሪ ለማጥፋት ነው የገባችው።

ራሳችሁን ፈትሹ

ቀኙ ባዶ ክፍል 5 ሳይሆን 10 ሊትር ይሁን፣ አየሩን ደሞ በዛው ፕሬዠርና ቴምፕሬቸር በሂሊየም ቀይሩት። ΔS 1.52 J/K መምጣት አለበት። 0.96 ከመጣላችሁ V2 ላይ መነሻውን 5 ሊትር መደመር ረስታችሁ 10 ብላችኋል። ሂሊየም ስለሆነ γ ወይም Cv ፍለጋ ከሄዳችሁ ደሞ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ፣ T ስላልተለወጠ የትኛውም ቦታ ላይ አያስፈልጋችሁም።